የሟች እናት ስም

ሰው ሁሉ ወረቀት ማስተርጎም እህል ማስፈጨት ይመስለዋል። በአንድ በኩል ታፈሳለህ፣ በሌላ በኩል ዱቄት ሆኖ ይወጣል። መካነ ሰላም ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ክፍሌ ስንቱን ደንበኛ እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ያቀብለኛል። ውስጡ ጠርዙ የተቆረጠ፣ የአንሺው ጥላ ያረፈበት የዐረብ አገር ወረቀት ፎቶ አለ። ከዚያ «ቶሎ በይልኝ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው» ይለኛል። ቶሎ አልልም። የቸኮለ ሌላ ቤት ይሂድ እላለሁ፤ ሌላ ቤት ስለሌለ ቁጭ ይላል።

የማልቸኩለው በስም ምክንያት ነው። የአንዲት ልጅ ስም መጀመሪያ ከአማርኛ ወደ ፈረንጅ ፊደል ተገልብጦ ፓስፖርት ላይ ይገባል። እዚያ አገር ያለው ጸሐፊ እሱን አይቶ እንደመሰለው በዐረብኛ ይጽፈዋል። ሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዐረብኛው ተነሥቶ እንደገና በፈረንጅ ፊደል ያወጣዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ አንድ ስም በአንድ ገጽ እንዲህ፣ በሌላው ገጽ እንዲያ ሆኖ ነው። እንደመጣልኝ ከጻፍሁት አንዷ ልጅ ወረቀቱ ላይ ሦስት ትሆንና ዳኛው «የትኛዋ ናት?» ይላል። የማውቀውን ስም ከራሴ ካስገባሁ ደግሞ ትርጉም መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ስሞቹን አስቀድሜ ለብቻ አወጣለሁ፤ አንዱን አጻጻፍ እወስናለሁ፤ ከወሰንሁ በኋላ እስከ መጨረሻው መስመር ያው ነው። ሌላው ገጽ ላይ ያለው ልዩነት ከግርጌ በማስታወሻ ይገባል። የፓስፖርቱ ቁጥር አንድ ከሆነ ሴትየዋም አንድ ናት።

ያን ቀን የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንድ ቄስና አንድ ሸህ። ከከተማው ወዲያ ካለው ደጋ የመጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ደመናው ዝቅ ብሎ ካፊያ ይጥል ነበር፤ የቄሱ ጋቢ ርሷል። የቄሱ ሚስትም አብረው መጥተው ነበር፤ ይግቡ ብላቸው እምቢ ብለው ከደጄ ደረጃ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ።

ጉዳዩን ያስረዱኝ ቄሱ ናቸው። የሰፈራቸው ልጅ፣ እዚያው ዐረብ አገር ያለች፣ ሁለት ፎቶ በስልካቸው ላከችላቸው። አንድም ቃል አልጨመረችበትም። መልሰው ቢደውሉ ስልኳ አይሠራም። የመጀመሪያውን ፎቶ ሸሁ ሲያነቡት የሞት ወረቀት ሆኖ ተገኘ፦ የሟች ስም የእስላም፣ የአባቷም የእስላም፣ የትውልድ ቦታዋ ማሻ። ከግርጌው ቤተሰብ መጥቶ ካልጠየቀ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብራታል ይላል። ሁለተኛው ፎቶ እነሱ አገር ኔትወርክ ስለሌለ አልወረደላቸውም።

ቄሱም የገባቸው እንደ አገራችን ወግ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በቀጥታ ለወላጅ አይነገርም፤ ለቄስ ወይ ለሸህ ወይ ለሽማግሌ ይላካል፣ እነሱ ተሰብስበው ማለዳ ሄደው ያረዳሉ። «ልጅቱ እኔ ቄስ ስለሆንሁ ለባለቤቱ ያድርሱልኝ ማለቷ ነው» አሉኝ። ይኸውና ከሸሁ ጋር ሆነው የዚያችን የእስላም ልጅ አባት ፍለጋ መንደር ለመንደር ሲዞሩ ሰንብተዋል። ወደ መቅደላ ማሻ ሰው ልከዋል፤ አጅባር ገበያ አስነግረዋል። በአባትየው ስም የሚጠሩ ሰዎች ተገኝተው ልጆቻቸው ሁሉ በሕይወት አሉ። «እንግዲህ ሙሉውን ብትተረጉሚልን በወረዳው በኩል እናፈላልጋለን» አሉኝ። «የሰው ልጅ እንዴት ባለቤት የላትም ተብላ ትቀበራለች?»

እርስዎስ እዚያ ልጅ አለችዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አለችኝ አሉ፤ አሠሪዎቿ ስልክ ስለሚከለክሏት ድምፅዋን ከሰሙ ቆይተዋል። ወዲያው ደግሞ አንገታቸውን ደፉ። የሟች ስም ሲነበብ የእሷ አለመሆኑን ሰምተው ተመስገን ማለታቸውን፣ በሰው ሞት ተመስገን በማለታቸውም ንስሐ መግባታቸውን ነገሩኝ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛን አገር ሴቶች ልጆች ስም ግን ስንት ጊዜ ደላላ ሲያወጣው አይቻለሁ። ዐረብ አገር እስላም ይሻላል ይልና የክርስቲያኗን ልጅ ስም ከነአባቷ ይቀይረዋል፤ ዕድሜዋን ይጨምራል፤ መታወቂያውን ከማታውቀው ወረዳ ያመጣል። ይህን ለኒያ ሽማግሌ በምን አፌ ልበላቸው? ምናልባት አይደለም አልሁ በሆዴ። ምናልባት የማሻ ልጅ ናት። ሥራዬን ያዝሁ።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። ሸሁ ዐረብኛውን እያነበቡ፣ እኔ የፈረንጁን ፊደል እያየሁ፣ ስም በስም ሄድን። ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ስላለ ሁለተኛውም ፎቶ ወረደ፤ ያኛው በፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። ማሻ የሚለው እዚያ ላይ እንደ ፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ እንዳለ ቢነበብ ማቻ ይሆናል። ሸሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችው ሺን፣ የዐረቡ ሸ ናት፣ ጥርጥር የለውም አሉ። ስለዚህ በሁለቱም ገጽ ማሻ አልሁት። ቄሱ «መቅደላ ማሻ» በዪው ቢሉኝ እምቢ አልሁ። ማሻ ደቡብ ምዕራብም አለ፤ ወረቀቱ የትኛዋ እንደሆነች አይናገርም፤ እኔም ከራሴ አልጨምርም።

የአባትየው ስም ላይ ስንደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ነገሩ ጣማቸው። ሸሁ ይህች ሐ ከጉሮሮ የምትወጣዋ ናት ሲሉ፣ ቄሱ «እንግዲያ ሐመሩ ሐ ናት፣ ሀሌታውን እንዳትጽፊ» ይሉኛል። ሸሁ ያችኛዋ ደግሞ የምትሻክረዋ ናት ሲሉ፣ ቄሱ ብዙኃኑ ኀ ብለው ፊደሏን በጣታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ይጽፏታል። በአፍ አንድ የሆኑብን ፊደላት በዐረብኛው አሁንም ለየብቻ መኖራቸው ቄሱን አስደነቃቸው። ድሮ እኛም ለያይተን እንጠራቸው ነበር አሉ። ሸሁ ሳቁ። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ።

የሟች ስም በመጀመሪያው ገጽና በሁለተኛው ገጽ በአንድ ፊደል ይለያያል። የፓስፖርቱን ቁጥር አስተያየሁ፣ አንድ ነው። አንዱን አጻጻፍ መርጬ ልዩነቱን ለማስታወሻ ያዝሁት። ከዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ «የእናት ስም» የሚል መስመር አገኘሁ።

ደላላ የእናት ስም አይቀይርም። ፓስፖርት ላይ የለማ። እዚያ አገር ግን አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፤ ልጆቹም ያላሰቡት ጥያቄ ስለሚሆንባቸው እውነቱን ይናገራሉ። ጸሐፊው የሰማውን እንደሰማ ነበር የጻፈው። አንዱን ስም ለሁለት ቆርጦ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ከቀጣዩ ስም ጋር ለጥፎታል። መቆረጡ ሲገባኝ ከመሃል ጀምሬ እንደተጻፈው ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ሲላሲ ዓይነት ነገር ነው።

«ሥላሴ ነው ልጄ» አሉ ቄሱ። «የፊተኛዋ ንጉሡ ሠ፣ የኋለኛዋ እሳቱ ሰ። አደባልቀሽ እንዳትጽፊው።»

ሸሁ እናቷ ክርስቲያን ናታ አሉ። ወሎ አይደለም ወይ፣ ምን ይደንቃል? ቄሱም እንግዲያ በግማሽ ዘመዴ ናት ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ከሥላሴ በፊት ያለውን ግማሽ ለማንበብ ፊደሎቹን እለቅም ጀመር። ሦስት ፊደል ብቻ ነው የጠራሁት። የቀረውን ቄሱ ጨረሱልኝ። ከእኔ ቀድመው፣ ሳያስቡት፣ በየቀኑ ቤታቸው ውስጥ እንደሚጠሩት አድርገው ሙሉውን ስም አሉት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሰው ሚስት ስም ነው።

ሸሁ ከስልኩ ቀና አሉ።

ቄሱ በዚህ ስም የሚጠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ቀጥሎ የተለጠፈውን የእናቲቱን አባት ስም አይቼዋለሁ። ሳላነበው ብቀር ምን ነበረበት? ቄሱ ግን ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም፤ «ጨርሺው» አሉኝ። ጨረስሁት። የአማታቸው ስም ነው።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው፤ ጎረቤት ተዘጋጅቶ፣ የሚይዝ፣ የሚደግፍ ሰው ቆሞ ነው። እኒያ ሰው ግን በቀን ብርሃን፣ የኮምፒውተር ማራገቢያ እየጮኸ፣ ደጅ ላይ ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ፣ ከእኔ አፍ የልጃቸውን ሞት ሰሙ። ለዚያውም ራሳቸው እየተረጎሙልኝ። ሸሁ ክንዳቸውን ያዟቸው።

ቄሱ ሚስታቸውን ጠሩ። እሳቸውም ከደረጃው ተነሥተው ገቡ፤ ፊታቸውን ሳይ አወቅሁ። እኒህ ሴት አዲስ ነገር ሊሰሙ አልገቡም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከቀበሌ መታወቂያው ጊዜ ጀምሮ ደላላው ያወጣላትን ስም ያወቁት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ላባቴ እንዳትነግሪ ብላ በማርያም ስም አስምላቸዋለች፤ የቄስ ልጅ በእስላም ስም ሄደች እንዳይባል፣ አባቷም በቤተ ክርስቲያን አንገታቸውን እንዳይደፉ።

«ያን ማታ ቤት ውስጥ የሟችን ስም ስነግርሽ ሰምተሻል?» አሏቸው ቄሱ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ ስዞር ስከርም?»

«እኔ ካልተናገርሁ አልሞተችም ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

እኔ ነገረኛ ነኝ፤ ሰው ሲያጠፋ ዝም አልልም። ያን ጊዜ ግን እኒህን ሴት አልወቀስኋቸውም። ስሙ የሌላም ሴት ልጅ ስም ሊሆን ይችላል ብለው ተስፋ አድርገዋል፤ ባላቸው ወጥተው የዚያችን ልጅ አባት እንዲያገኙላቸው ተስፋ አድርገዋል። ማሻ ላይ አንድ ምስኪን ሰው «የኔ ናት» ቢል ኖሮ ልጃቸው ትተርፍ ነበር። እያንዳንዱን ቀን እንዲህ ነው የዋሉት። ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

ያን ጊዜ ያዳነን ሸሁ ናቸው። ልጅቱ ገና አልተቀበረች ይሆናል፤ ለቅሶው ይደርሳል፤ አሁን እንጠይቅ አሉ። ሬሳዋ እንዲመጣ፣ ካልመጣም እንደ ሃይማኖቷ እንድትቀበር መጠየቅ የሚችለው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ለመባል ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። የትርጉሜን ሥራ ያዝሁ።

ቄሱ የመጀመሪያውን ገጽ ሳትምላቸው ቆመው አነበቡት። ልጅቱ በደላላው ስም፣ የማያውቁት ሰው ልጅ ተብላ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ፊደል፣ በአንድ አጻጻፍ ተደርድራለች። ጣታቸውን የአባት ስም ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ላይ የእኔን አግቢልኝ። ልጄ ናት። እግዜር ያውቃል።»

ለማስረዳት ሞከርሁ። የእርስዎን ስም ካገባሁ ትርጉሙ ከፎቶው ጋር አይገጥምም። እዚያ ያሉት ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ይህች ሌላ ሴት ናት ብለው ይጥሉታል። አንዱ ቦታ የእርስዎን፣ ሌላው ቦታ የሰውየውን ባደርግ ደግሞ የባሰ ነው። ወረቀቱ ውስጥ እንደተጻፈች ትቅር። ከዚያ ፍርድ ቤቱ በምስክር «በዚህ ስም የተጠራችውና በቤቷ ስም የምትታወቀው አንዲት ሰው ናት» ብሎ ይወስን። ልጅዎትን የሚያስመልስልዎት ይኼ የሰው ስም ነው፣ አይንኩት አልኋቸው።

ቄሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ፊደል ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተሳሳተ ቃል እንዳለ ማለፍ አያውቁም። በመጨረሻ «እንዳለ ይሁን» አሉ። ማስታወሻውን ከግርጌ ጻፍሁ፦ የሟች ስም በሁለቱ ገጾች በአንድ ፊደል መለያየቱን፣ የፓስፖርት ቁጥሩ ግን አንድ መሆኑን፣ የእናት ስም በሁለት ተቆርጦ መጻፉን። ማኅተሜን አደረግሁበት።

ፍርድ ቤት አብሬያቸው ገባሁ። ሥራዬ አይደለም፣ ግን ገባሁ። ዳኛዋ ወረቀቱን አይታ የሟች አባት እዚህ የሉም ወይ ብላ ጠየቀች። ቄሱ «እኔ ነኝ» አሉ። ወረቀቱን ደግማ አየች፤ እሳቸውንም አየች። «እኔ ነኝ» አሉ እንደገና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እናቲቱ ስለ ስሙ የሚያውቁትን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ መታወቂያውን ለማውጣት ከልጅቱ ጋር የሄደው የአክስቷ ልጅ ተጠርቶ መሰከረ፤ ሸሁ ደግሞ የዐረብኛውን ንባብ ማሉበት። ዳኛዋ ሰው ናት፤ ቀጠሮ ሳትሰጥ ወሰነችልን።

ወረቀቱን በፎቶ አንሥቼ አዲስ አበባ ላለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልኬ፣ ሌላ ቅጂ የእኛ አገር ልጆች እዚያ ዐረብ አገር ለሚሰባሰቡበት ማኅበር ልኬ፣ ጠበቅን። መብራት ጠፋ። ኔትወርክ መጣ፣ ሄደ። ቄሱ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ከዘመድ ቤት እያደሩ ጠዋት ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጡ ደጄ ላይ ይቆማሉ። «መልስ የለም?» አይሉም። ቆመው ያዩኛል፣ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ ይሄዳሉ። እሳቸው ሲሄዱ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር፤ ለማላውቃት ልጅ፣ ስሟን ብቻ ለጻፍኋት።

መልሱ የመጣው በፎቶ ነው። የመቃብር ወረቀት። አንድ ገጽ ብቻ፣ በፈረንጅ ፊደል፤ ያው የደላላው ስም፣ ያው የሰውየው ስም፣ የመቃብሩ ቁጥር፣ የተቀበረችበት ቀን። ማዘጋጃ ቤቱ ቀብሯት ኖሯል።

ቄሱ ብቻቸውን ነበሩ። ስሞቹን ባለፈው እንደጻፍኋቸው አድርጌ ጻፍሁ፤ አንዲት ፊደል አልቀየርሁም። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር መልሼ ጻፍሁት።

«በእኛ መቼ ይሆናል?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት ነው አባቴ።»

«ሚካኤል» አሉ። ወደ ደጅ እያዩ አሰቡ። የሚካኤል ዕለት ቀድሰው እንደወጡ ከሸሁ ጋር ወደ ማዶው መንደር ወርደው ነበር። አንድ ቤት ገብተው ወተት ተቀድቶላቸው፣ ባለቤቱን ዐረብ አገር ልጅ አለችህ ወይ ብለው ጠይቀውታል። ሰውየው የለችኝም ሲላቸው እፎይ ብለው መርቀውት ወጥተዋል። ይህን ሁሉ በቀስታ ነገሩኝ፤ እያለቀሱም አልነበረም። «ልጄን አፈር ሲያለብሷት እኔ አባቷን ስፈልግ ነበርሁ» አሉ።

ማኅተሜን አድርጌ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር አስገቡ። ፍትሐቱን ነገ በክርስትና ስሟ እንደሚያደርሱ ነገሩኝ። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴ መምጣቷ አይቀርም። ወረቀቱን ካንቺ አፍ ልስማ ትላለች። ሁሉንም አንብቢላት፤ ቀኑን ግን አታንብቢላት። ዝም ያለችባቸውን ቀኖች ትቆጥርበታለች።»

እናቲቱ ከሰልስቱ በኋላ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸው ተቧጭሯል። ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግተው ከላይ ጀምሬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የልጃቸውን ስም አነበብሁ፣ በአባቷ ቦታ ላይ ያለውን ስም አነበብሁ፣ ማሻን አነበብሁ፣ የመቃብሩን ቁጥር አነበብሁ። መቼ ተቀበረች ይላል አሉኝ፤ ደርሰን ነበር ወይ ማለታቸው ነው።

ቀን አልተጻፈበትም አልኋቸው።